የስብሰባ ማስታወሻ፦ ግሱ እስኪመጣ ጠብቂ

ጥያቄ፦ «ሰላም፣ እህታችሁ ነኝ። ደብረ ማርቆስ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ኢንተርን ሆኜ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ አለ። አለቃዬ ማስታወሻ ይዤ ዋና ዋናውን ለሁሉም በኢሜይል እንድልክ አዘዙኝ። ሁሉን ልጻፍ ስል ያመልጠኛል። ያለፈውን ሦስት ገጽ አድርጌ ላክሁት፤ ማንም አላነበበውም። አንዱ ብቻ ‹እኔ እንዲህ አልወጣኝም› ብለው ተቆጡኝ። እንዴት ልሥራው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሦስት ገጽ የሆነበትን ምክንያት የማውቀው ይመስለኛል። አብዛኞቻችን ያየነው የስብሰባ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤ ነው፦ የተገኙ አባላት፣ አጀንዳ፣ «የተነሱ ሐሳቦች»፣ ውሳኔ፣ ከታች ፊርማ። ቃለ ጉባኤ ለመዝገብ ነው። ነገ ኦዲተር ወይም ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማን ምን እንዳለ፣ በምን እንደተስማማ ይታይበታል። አለቃሽ የጠየቁሽ ሌላ ነገር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ «እኔ ምን አለብኝ? እስከ መቼ?» የሚል ሰው በአንድ ደቂቃ መልሱን የሚያገኝበት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ «የተነሱ ሐሳቦች» የሚለውን ክፍል እንዳለ አውጪው። ገንዘብ የሚወጣበት ወይም ሰው የሚጠየቅበት ውሳኔ ሲሆን ቃለ ጉባኤው ለብቻው ተጽፎ ይፈረማል፤ ኢሜይልሽ እሱን አይተካም።

አሁን ወደ ስብሰባው እንግባ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ሰውየው «የቢቸናው ማዳበሪያ በዚህ ሳምንት በተሳቢ...» ሲሉ እጅሽ ከምላሳቸው ጋር ይሮጣል። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ገና «ይላካል» ይሁን፣ «ቢላክ»፣ «አይላክም» ወይም «ይላካል ብለን ነበር» አልታወቀም። ስትደርሺበት ሌላ ሰው ንግግሩን ቀጥሏል፤ ደብተርሽ ላይ የቀረው ራስ እንጂ እግር የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። ማታ ስትገለብጪው ከግምት «ይላካል» ብለሽ ትጨርሺዋለሽ። «እንዲህ አልወጣኝም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ እስክሪብቶሽን አሳርፊ፤ ሰው ሲናገር ስሚ፤ ግሱ ሲመጣ ያኔ ጻፊ። መጀመሪያ ግሱን፣ ከዚያ የቀረውን። የምትጽፊው በግማሽ ይቀንሳል፤ የምትጽፊው ደግሞ የተባለው ይሆናል። ከዚህ ደንብ የማስወጣው ቁጥርን ብቻ ነው፤ ቁጥር እንደተጠራ ወዲያው ይጻፍ፣ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ወጥመድም በግሳችን ውስጥ ነው። የቢሯችን ስብሰባ ባለቤት በሌላቸው ግሶች የተሞላ ነው፦ ይጣራል፣ ይታያል፣ ይፈለጋል፣ ይደረጋል፣ ይሠራበታል። ስናወራ ጨዋ ነው፤ ማንንም በሰው ፊት አይጠቁምም። ግን «ይጣራል» ተብሎ ስድስት ሰው ራሱን ነቅንቆ ከተነሣ፣ አምስቱ ስድስተኛው ያጣራዋል ብለው ነው የሚሄዱት። «ይሆናል» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። «ሐሙስ ይሆናል» ማለት ሐሙስ ቀን ይፈጸማል ማለትም ነው፣ ሐሙስ ሳይሆን አይቀርም ማለትም ነው። የማስታወሻ ያዥ ሥራ ትልቁ ክፍል ለእነዚህ ግሶች ባለቤት መፈለግ ነው። «ይጣራል» የሚለው «አቶ እገሌ ያጣራሉ» እስኪሆን ድረስ ሥራው ለማንም አልተሰጠም።

ለዚህ የሚረዳ የገጽ አያያዝ ላሳይሽ። ደብተሩን ከፍተሽ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ትተሽ ከላይ እስከ ታች መስመር አስምሪ። በቀኝ ነገሩን ትጽፊያለሽ፤ በግራ አንድ ፊደል ብቻ፦ ው ለውሳኔ፣ ሥ ለሥራ፣ ቁ ለቁጥር፣ ? ላልተቋጨ። ፊደል የማይገባለት ነገር ውይይት ነው፤ እሱን መጻፍ አይጠበቅብሽም፣ ውሳኔው የተወሰነበትን ምክንያት ካልያዘ በቀር። ባለቤቱ ወይም ቀኑ ወይም መለኪያው ያልተጠራ ከሆነ ቦታውን በረጅም መስመር ክፍት ተዪው። ክፍቱ መስመር ነው የሚጠቅምሽ፤ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ዓይንሽን ወደ ገጹ ጣል ስታደርጊ ምን እንደጎደለ ያሳይሻል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰኞ ግንቦት 11 ነው እንበል። ስም በሚገባበት ቦታ የሥራ መደቡን አስቀምጣለሁ።

ሥራ አስኪያጁ፦ «የቢቸናው ዩሪያ እንዴት ሆነ?»
የመጋዘን ኃላፊው፦ «ስምንት መቶ ተዘጋጅቷል። መኪና ከመጣ ይጫናል።»
የግብይት ኃላፊዋ፦ «መኪናው ይፈለጋል፤ ሐሙስ ይሆናል።»
የሒሳብ ኃላፊው፦ «የሁለት መሠረታዊ ማኅበራት ገንዘብ ግን ባንክ አልገባም እኮ።»
ሥራ አስኪያጁ፦ «እሱ ይጣራ። ገንዘቡ ያልገባ ማኅበር ድርሻው አይጫንም፤ የቀረው ግን መቆም የለበትም። ዝናቡ ከገባ ያ ዋልካ መኪና አያሳልፍም።»
የመጋዘን ኃላፊው፦ «የሞጣውስ?»
ሥራ አስኪያጁ፦ «እሱ ይቆየን።»

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግሱን ጠብቀሽ ከጻፍሽ ገጹ ላይ የሚቀረው ይህ ነው፦

ው — ገንዘብ ያልገባ ማኅ. ድርሻ አይጫንም፤ የቀረው ይጫን (ዝናብ፣ ዋልካ)
ቁ — ዩሪያ 800 ______
ሥ — ______ መኪና፣ ሐሙስ «ይሆናል»
ሥ — ______ የ2 ማኅ. ገንዘብ ማጣራት፣ እስከ ______
? — ሞጣ «ይቆየን»

«ይሆናል»ንና «ይቆየን»ን በጥቅስ ውስጥ እንዳስገባሁ ልብ በይ። ትርጉሙ ያጠራጠረሽን ቃል በራስሽ ቃል አትተኪው፤ እንደተባለ አስቀምጪው።

አራት ክፍት ቦታና ሁለት አጠራጣሪ ግስ አለ። ከሁሉም ውድ የሆነው «800» ነው። ማዳበሪያ በከረጢት ይቆጠራል፣ በኩንታልም ይቆጠራል፤ ከረጢቱ 50 ኪሎ፣ ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። 800 ከረጢት ማለት 400 ኩንታል ነው፤ 400 ኩንታል የሚጭን አንድ ባለተሳቢ መኪና በአንድ ጊዜ ያነሣዋል። 800 ኩንታል ከሆነ ግን ሁለት ምልልስ ወይም ሁለት መኪና ይፈልጋል። የመጋዘን ሰው በከረጢት ያስባል፣ የግብይት ሰው በኩንታል። ሁለቱም «ስምንት መቶ» ብለው ተስማምተው ይወጣሉ፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ሐሙስ ጠዋት መጋዘን በር ላይ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ቁጥርን ያለ መለኪያ ጽፌ ያልተጸጸትሁበት ጊዜ የለም።

ታዲያ ኢንተርን ሆነሽ በትልልቅ ሰዎች ፊት እንዴት ትጠይቂያለሽ? የምትፈሪው እዚህ ጋ እንደሆነ ይገባኛል፤ ጎጃም ውስጥ ልጅ አዋቂን አያቋርጥም ተብለን ነው ያደግነው። ማቋረጥ አያስፈልግሽም። ሥራ አስኪያጁ «ሌላ ካለ?» የሚሉበት ወይም ወደ ሌላ አጀንዳ የሚሻገሩበት ሰዓት አለ፤ ያኔ እጅሽን አውጪና በደብተርሽ አመካኚ፦ «ይቅርታ፣ በትክክል እንድጽፍ ነው፤ ስምንት መቶው በከረጢት ነው ወይስ በኩንታል?» «የሁለቱን ማኅበራት ገንዘብ ማን ያጣራሉ ብዬ ልጻፍ?» ጥያቄው ስለ ጽሑፍሽ እንጂ ስለ ሰዎቹ ሥራ ስላልሆነ ማንም አይከፋበትም። አየሽ፣ «ማን ያጣራሉ ብዬ ልጻፍ» ስትዪ ሥራ አስኪያጁ ወደ አንዱ ይዞራሉ፤ ሥራው ባለቤት ያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል፣ የቀረውን ከስብሰባው በኋላ ወደየጠረጴዛቸው ሄደሽ ጠይቂ። ከቀኑ ሳያልፍ ግን። በማግስቱ የጠየቅሽው ሰው የሚነግርሽ ትናንት የተባለውን ሳይሆን ዛሬ የሚያስበውን ነው።

በምሳሌያችን መልሱ እንዲህ መጣ እንበል፦ በከረጢት ነው፤ መኪናውን የግብይት ኃላፊዋ ራሳቸው ያቀርባሉ፣ ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርጥ ነው፤ ገንዘቡን የሒሳብ ኃላፊው እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ያጣራሉ። ስለ ሞጣ ሥራ አስኪያጁ ለሚቀጥለው ሰኞ ቀጥረዋል።

አሁን ከመጻፍሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ፦ የማን ሥራ የማንን ይጠብቃል? የሒሳብ ኃላፊው ሳያሳውቁ የመጋዘን ኃላፊው የማንን ድርሻ እንደሚያስቀሩ አያውቁም፤ ስለዚህ ሐሙስ የሚጫነው 800 ከረጢት ሙሉው ላይሆን ይችላል። ይህን በስብሰባው ላይ ማንም በግልጽ አላለውም፣ ከውሳኔው ግን በቀጥታ ይከተላል። በራስሽ ሥልጣን ሥራ አትስጪ። ወደ መጋዘን ኃላፊው ሄደሽ «የመጫኛ ዝርዝሩን ረቡዕ ከሒሳብ መልስ በኋላ ያስተካክላሉ ብዬ ብጽፍ ልክ ነው?» በይ። እሺ ካሉሽ ብቻ ይገባል።

ኢሜይሉ እንግዲህ ይህ ነው፦

ጉዳዩ፦ የሰኞ ግንቦት 11 ስብሰባ፦ የቢቸና ዩሪያ ሐሙስ ይጫናል፤ የሒሳብ፣ የመጋዘንና የግብይት ሥራ አለበት

ጤና ይስጥልኝ፣
የዛሬው ስብሰባ ውሳኔና ሥራ ከታች አለ። የሚታረም ካለ እስከ ነገ ማክሰኞ ቀን 6 ሰዓት ብታሳውቁኝ አስተካክላለሁ።

የተወሰነ
ገንዘባቸው ባንክ የገባ የቢቸና ማኅበራት ዩሪያ ሐሙስ ግንቦት 14 ይጫናል። ገንዘቡ ያልገባ ማኅበር ድርሻ መጋዘን ይቆያል። ሌላው የማይጠብቀው ዝናቡ ሳይገባ መንገዱን ለማለፍ ነው።

ሥራ
የሒሳብ ኃላፊ፦ የሁለቱን ማኅበራት ክፍያ አጣርተው ለመጋዘን ያሳውቃሉ፤ እስከ ረቡዕ ግንቦት 13፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።
የመጋዘን ኃላፊ፦ በዚያው መሠረት የመጫኛ ዝርዝሩን ያስተካክላሉ፤ ረቡዕ ከሥራ መውጫ በፊት። የተዘጋጀው በሙሉ 800 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ፣ ማለትም 400 ኩንታል ነው።
የግብይት ኃላፊ፦ አንድ ባለተሳቢ መኪና ያቀርባሉ፤ ሐሙስ ግንቦት 14 ጠዋት 2 ሰዓት፣ መጋዘን።

ያልተቋጨ
የሞጣ ድርሻ፣ ከግንቦት 11 ጀምሮ። ሰኞ ግንቦት 18 ይታያል።

ይኸው ነው። የሦስት ገጽሽ ቦታ በስልክ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ በመግፋት ያልቃል። ጉዳዩ የሚለው መስመር ላይ «የስብሰባ ማስታወሻ» ብቻ ብትዪ ኖሮ ማንም ለነገ ባስተላለፈው ነበር፤ የሥራ ክፍሎቹን ስም ስላየ ግን የሚመለከተው ይከፍተዋል። ሥራዎቹ በስብሰባው ቅደም ተከተል ሳይሆን ማን ማንን እንደሚጠብቅ ነው የተደረደሩት። ግሶቹንም ተመልከቺ፦ «ይጣራ» የነበረው «አጣርተው ያሳውቃሉ» ሆኗል። ባለቤት አለው፣ ትእዛዝ ግን አይደለም። ለአለቆችሽ «ያጣሩ» ብለሽ መጻፍ አይሆንልሽም፤ «ያጣራሉ» ግን የተስማሙበትን መልሶ መናገር ነው።

የተቆጡሽን ሰው በተመለከተ፦ በኢሜይሉ ውስጥ «የሒሳብ ኃላፊው ገንዘቡ አልገባም ብለው ተቃወሙ» የሚል ነገር የለም። ሐሳብን በስም አትጻፊ፤ ሥራን ግን ያለ ስም አትጻፊ። ሰው በስብሰባ ላይ ሐሳቡን እያጠራ ነው የሚናገረው፤ በመጀመሪያ ያለውን በመጨረሻ ሊተወው ይችላል። በጽሑፍ ስታሰፍሪው የተወው ሐሳብ ከስሙ ጋር ተሰፍቶ ይቀራል፤ ቢቆጡ ያስቆጣል። ያ ሰው እውነትም የተሳሳተ ነገር ጽፈሽባቸው ከሆነ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸውና ትክክለኛውን አንድ መስመር ለሁሉም ላኪ። አዲስ ሦስት ገጽ አትላኪ፤ «የባለፈው ሰኞ እርማት» ብለሽ የተስተካከለውን ብቻ።

እንዲሁም የማይጻፍ ነገር አለ። ከላይ ያልከፈሉትን ሁለት ማኅበራት በስማቸው አልጠራሁም፤ ኢሜይል ይተላለፋል፣ ከግቢ ይወጣል፣ ማጣራቱም ገና አላለቀም። ስለ ሠራተኛ ባሕርይ የተነሣ ነገርም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ሲገጥምሽ ከመላክሽ በፊት አለቃሽን ጠይቂ። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ኢሜይሎች በሙሉ ለእሳቸው አሳይተሽ ብትልኪ ይሻላል፤ ምን ተዪ እንደሚሉሽ ስታዪ የቢሮውን ልክ ትማሪያለሽ።

ቀንና ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ራሴ የተጎዳሁበት ስለሆነ። አንድ ጊዜ በሰኔ ወር ከአዲስ አበባ ካለ አጋር ድርጅት ጋር ስንሠራ «ዝርዝሩ እስከ 15 ይላካል» ብዬ ጻፍሁ። እኔ ሰኔ 15 ማለቴ ነው። እነሱ የሚሠሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ጁን 15 ብለው ያዙት፤ ጁን 15 ደግሞ ሰኔ 8 ነው። እኛ ገና እያዘጋጀን ሳለ እነሱ ዝርዝሩን ዘግተው ጨረሱ። የእኛ ሰኔ 15 ጁን 22 ነበር፤ ሰባት ቀን በአንድ ቃል ጉድለት ሄደ። ስለዚህ የወሩን ስም ሁልጊዜ ጻፊ፣ የሳምንቱን ቀንም ጨምሪ፤ «ሐሙስ ግንቦት 14» ሲባል አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያጋልጠዋል። ከክልሉ ውጭ ወይም በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው በተቀባዮቹ ውስጥ ካለ ሁለቱንም አስቀምጪ። ሰዓትም እንደዚሁ፦ «2 ሰዓት» ብቻ ከሆነ አንዱ ጠዋት አንዱ ማታ ይለዋል፤ የስልክ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ የሚያስገባው ደግሞ 2:00 ብሎ ከሰዓት በኋላ ያደርገዋል። «ጠዋት 2 ሰዓት» በዪ።

ስለ መላኩ ብዙ የምለው የለም። ሥራ ያለባቸውን To በሚለው ላይ፣ እንዲያውቁ ብቻ የሚላክላቸውን Cc በሚለው ላይ አድርጊ። ሠንጠረዥ አትሥሪ፣ ዎርድ ፋይልም አታያይዢ፤ በስልክ የሚያነብ ሰው ሠንጠረዡ ይሰባበርበታል፣ ፋይሉን አይከፍተውም። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ ጽሑፉን ስልክሽ ላይ ጨርሰሽ ጠብቂ፤ ሲመጣ በዚያው ቀን ይሂድ። በቴሌግራም ግሩፑ «የሰኞውን በኢሜይል ልኬያለሁ» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን እዚያም ከደገምሽው እርማት ሲመጣ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ይኖርሻል።

በሚቀጥለው ሰኞ ደብተርሽን ብቻ ይዘሽ አትግቢ፤ ያለፈውን ኢሜይል አትመሽ ወይም ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ግቢ። የተሠራውን ሰርዢ፣ ያልተሠራውን ከነባለቤቱ ወደ አዲሱ አሻግሪ። ያልተቋጨው ላይ ያለውን ቀን ግን አትንኪው። የሞጣው ነገር አሁንም «ይቆየን» ከተባለ፣ በሦስተኛው ሰኞም ኢሜይሉ ላይ «የሞጣ ድርሻ፣ ከግንቦት 11 ጀምሮ» ብሎ ይቀመጥ። ሥራ አስኪያጁ ያንን ቀን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም።